ሦስት ዲሲቤል ከየት ተነሥቶ?

ቀጭን ድምፅ አስቀርቶ ወፍራሙን የሚያሳልፍ ፊልተር ለመሥራት አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ይበቃሉ። ምልክቱ በሬዚስተሩ በኩል ይገባል፤ ከሬዚስተሩ ጫፍ ካፓሲተሩ ወደ ግራውንድ ይወርዳል፤ ውጤቱ የሚወሰደው ከሁለቱ መገናኛ ነው። ካፓሲተር ቀርፋፋውን ምልክት አያሳልፍም፣ ለፈጣኑ ግን በሩን ይከፍታል። ስለዚህ ፈጣኑ ወደ ግራውንድ ይፈስሳል፣ ቀርፋፋው ለእኛ ይተርፋል።

የውጤቱ ቮልቴጅ ለገቢው ሲካፈል የሚገኘው ቀመር ትራንስፈር ፋንክሽን ይባላል፦

H(s) = 1 / (1 + sRC)

በ s ቦታ j2πf እናስገባ። ፍሪኩዌንሲው f ትንሽ ከሆነ ቀመሩ ወደ 1 ይጠጋል፤ ምልክቱ እንዳለ ያልፋል ማለት ነው። f በጣም ሲያድግ ውጤቱ እየመነመነ ይሄዳል። ድንበሩ 2πfRC ልክ 1 የሚሆንበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ አካፋዩ 1 + j ስለሆነ ብዙ ተማሪ «ሁለት ሆነ፣ ውጤቱም ግማሽ ነው» ይላል። ስሕተት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እንደ ማዕዘን ሁለት ጎኖች ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ ድምራቸው 1.414 ነው፣ ውጤቱም 0.707። ግማሽ የሚሆነው ኃይሉ እንጂ ቮልቴጁ አይደለም። በዲሲቤል ሲለካ 3 ወረደ እንላለን።

1.6 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር እንውሰድ። ድንበሩ 1000 ሄርዝ ገደማ ይወጣል። በቤል ላብራቶሪ ይሠራ በነበረው በአሜሪካዊው መሐንዲስ በሄንድሪክ ቦዴ ስም በሚጠራው ግራፍ ላይ፣ መስመሩ ከ0 ዲሲቤል ተነሥቶ ለጥ ብሎ ይመጣል፣ 1000 አካባቢ ይታጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ፍሪኩዌንሲው አሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር 20 ዲሲቤል ይወርዳል። −3 ላይ አግድም ብታሰምሩ ግራፉን 1000 ሄርዝ ላይ ያገኘዋል።

አሁን ውጤቱ ላይ ሌላ 1.6 ኪሎ ኦም ጫኑበት። ግራፉ ገና ሲጀምር −6 ላይ ነው፤ ሁለቱ ሬዚስተሮች ቮልቴጁን እኩል ተካፍለውታልና። −3ን ብትፈልጉ የትም አታገኙትም! ሦስቱ ዲሲቤል የሚቆጠረው ከዜሮ ሳይሆን ከለጥ ያለው መስመር ነው፤ ስለዚህ የምትፈልጉት −9ን ነው። እሱም 1000 ላይ ሳይሆን 2000 ሄርዝ ላይ ይገኛል፤ ለካፓሲተሩ ሁለቱ ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሆነው 800 ኦም ብቻ ይታዩታልና። ከተጠራጠራችሁ ከሥር ያለውን የፌዝ ግራፍ እዩ። የከፍታው መነሻ የትም ይሁን፣ ውጤቱ ከገቢው 45 ዲግሪ ወደ ኋላ የሚቀረው ድንበሩ ላይ ነው።

ጭነት በሌለው ፊልተር ላይ 1000 ስትጠብቁ ኮምፒውተሩ 6280 ገደማ ካሳያችሁ ሬዚስተሩን አትንቀሉ። አግድሙ መስመር በራዲያን በሰከንድ ተጽፎ ይሆናል፤ ቁጥሩን ለ6.28 አካፍሉት።