በላፍቶ በስልክና በበር ስለሚደረግ ማታለልና ስለ መከላከያው ትምህርት

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንገልጸው አታላይ በላፍቶ ሱቆችና ፎቆች በቃል ብቻ እንዴት እንደሚገባ፥ ደግሞም ስለዚህ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ለምን ፍሬ እንደማያፈራ ነው።

ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የባለሱቁ ገንዘብ ከመሳቢያው ወደ ስልኩ እየተዛወረ ሄዷል፤ አታላዩም ተከትሎታል። ደዋዩ አስቀድሞ የባለሱቁን ስምና ቁጥር በመስኮቱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ያነባል። ከዚያም የድርጅቱ ሠራተኛ መስሎ፥ «ጋሼ፥ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው» ይላል። በዚያው ደቂቃ በሌላ ስልክ የባለሱቁን ሒሳብ ለመክፈት ስለሚሞክር፥ እውነተኛው ድርጅት የማረጋገጫ ቁጥር ለባለሱቁ ይልካል። «አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ሲለው፥ መልእክቱ በእርግጥ ከድርጅቱ የመጣ ስለ ሆነ ባለሱቁ ደዋዩንም ያምናል። የማታለሉ ሥር ይህ ነው፤ እውነተኛው መልእክት ለሐሰተኛው ሰው ምስክር ሆነለት። የምስጢር ቁጥሩንም ከጨመረለት ገንዘቡ ሄደ ማለት ነው።

በበር የሚደረገውም ከዚህ አይርቅም። አንድ ሰው በሁለት እጁ ካርቶን ታቅፎ ከሠራተኞች ኋላ ይደርሳል፤ ፊተኛው በሩን ይዞ ያሳልፈዋል። ዘበኛው ሳያየው ቀርቶ አይደለም፤ የለበሰና የተሸከመ ሰው ማስቆም ነውር ስለሚመስለው ነው። ይሉኝታ እንላለን። ዕውቀት የጎደለው ሰው ቢኖር ኖሮ ትምህርት በበቃ ነበር፤ የጎደለው ግን እንቢ የሚልበት ቃል ነው።

በ2014 ዓ.ም. የዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ይህን ያስረዳል። በአንድ ትልቅ ድርጅት ከ14,000 በላይ ለሚሆኑ ሠራተኞች 15 ወር ያህል የሐሰት ኢሜይል እየላኩ፥ ለተሳሳተው ወዲያው የምክር ገጽ አሳዩት። ምክሩ ሰዎቹን የበለጠ ጠንቃቃ አላደረጋቸውም። አጠራጣሪውን መልእክት በአንድ ቁልፍ ማስታወቅ ግን ጥሩ ውጤት አስገኘ።

ስለዚህ ለአንድ ሱቅ ወይም ፎቅ የምንመርጠው ከስብከት ይልቅ ልምምድ ነው። ባለሱቁ «ዘግቼ እኔው እደውላለሁ» የሚለውን አረፍተ ነገር ድምፁን አውጥቶ ይለማመድ፤ ከዘጋም በኋላ በ127 ወይም በ994 እንጂ ደዋዩ በሰጠው ቁጥር አይደውል። ዘበኛውም «ደንቡ ነው ጌታዬ፥ ማን ዘንድ እንደሚሄዱ ልጠይቅልዎ» ይበል፤ እንቢታውን ከራሱ ላይ አንሥቶ በደንቡ ላይ ያኖረዋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚቆመው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይሁን፥ በሰው ፊትም ያመስግነው። ውጤቱ የሚለካው ስንት ሰው ተታለለ በማለት ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ጥርጣሬ በስንት ደቂቃ ለአለቃ ደረሰ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የተታለለ የሚቀጣ ከሆነ ይህ ቁጥር ይጠፋል፤ ሰው ይደብቃልና።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ቸኩሎ «አታውቀኝም ወይ?» ብሎ ከተቆጣ ግን የሳምንቱ ልምምድ በዚያው ያበቃል፤ ዘበኛው ከዚያ በኋላ ካርቶን የታቀፈውን አያስቆምም።