የሐበሻ ቀሚስ ሱቅ ጉግል ላይ እንዴት ይገኛል?

ሽሮ ሜዳ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ የሚያሰፋና የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ እንበል። ባለቤቷ አሜሪካና ዱባይ ላሉ ደንበኞች ቀሚስ መላክ ስለጀመረች ድረ ገጽ አሠራች። ፎቶዎቹ ያምራሉ፤ ገጹም ስልክ ላይ ቶሎ ይከፈታል። ሆኖም ሦስት ወር አልፎም በድረ ገጹ በኩል የመጣ አንድም ትእዛዝ የለም። የሱቁ ስም ጉግል ላይ ሲጻፍ እንኳ ብቅ የሚለው የፌስቡክ ገጿ ነው።

እንዲህ ዓይነት ችግር ሲያጋጥም ብዙ ሰው ወዲያው ማስታወቂያ ወደ መግዛት ይሄዳል። ከዚያ በፊት ግን ጉግል ድረ ገጹ መኖሩን ያውቅ እንደሆነ ማረጋገጥ ይገባል። ጉግል ፍለጋ በተደረገ ቁጥር ኢንተርኔትን አያስስም። ጉግልቦት የተባለው ፕሮግራሙ ከሊንክ ወደ ሊንክ እየሄደ ገጾችን አስቀድሞ ያነባል፤ ያነበበውንም ኢንዴክስ በሚባል ግዙፍ መዝገብ ውስጥ ያስቀምጣል። ሰው ሲጠይቅ መልስ የሚፈለገው ከዚህ መዝገብ ነው። እዚያ ያልገባ ገጽ የቱንም ያህል ቢያምር አይገኝም።

ለማጣራት ጉግል ላይ `site:` ብሎ ያለ ክፍተት የድረ ገጹን አድራሻ መጻፍ ነው። ምንም ካልመጣ አንዳንዴ ጥፋቱ ከግንባታው ጊዜ የቀረ ትእዛዝ ነው። ሠሪዎች ያላለቀ ሥራ ሰው እንዳያየው ለጉግል በራቸውን ይዘጋሉ፤ ሥራው ሲያልቅ መክፈቱን ይረሱታል። ዎርድፕረስ ላይ ይህ `Discourage search engines from indexing this site` የሚል አንድ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ነው። በገጹ ኮድ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ሆኖ ይገኛል፦

```
<meta name="robots" content="noindex">
```

የሽሮ ሜዳው ሱቅ ችግር ይኸው ሆነ እንበል። መስመሩ ይነሣል፤ ባለቤቷ ሰርች ኮንሶል በተባለው የጉግል ነጻ አገልግሎት ድረ ገጹን ታስመዘግባለች፤ ገጾቹም ቀስ በቀስ መዝገቡ ውስጥ ይገባሉ። አሁን ሱቁ በስሙ ሲፈለግ ይገኛል። ነገር ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው ድሮም ደንበኛዋ ነው። የሚፈለገው ስሟን የማያውቀው ነው።

የቁልፍ ቃል ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ተወልዳ ያደገች ሙሽራ በአማርኛ አትፈልግም፤ `habesha wedding dress` ብላ ትጽፋለች። እናቷ `habesha kemis` ወይም `habesha kemise` ልትል ትችላለች። አዲስ አበባ ያለችው አክስት ደግሞ በፊደላችን ትጽፋለች፤ እሷም «ሐበሻ» ወይም «ሀበሻ» ልትል ትችላለች፤ ጉግል ሁለቱን ሁልጊዜ እኩል እንደሚያያቸው መተማመን አይቻልም። ሦስቱም የሚፈልጉት አንድ ቀሚስ ቢሆንም የሚጽፉት የተለያየ ነው። የሱቁ ድረ ገጽ ግን በመግቢያው ላይ ያለው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍና የምስሎች ረድፍ ብቻ ነው። የቀሚሱ ስም፣ ዋጋና የጨርቁ ዓይነት ፎቶው ላይ ታትመዋል። ሰው ያነበዋል፤ ጉግል ግን በዋናነት የሚመረኮዘው በገጹ ላይ በፊደል በተጻፈው ነው።

መፍትሔው ቃላቱን በአንድ ገጽ ላይ ደጋግሞ መደርደር አይደለም። ጉግል እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ እንደ ማታለያ ነው የሚያየው። ፍለጋው ላይ ደረጃ የሚያገኘው ሱቁ ሳይሆን እያንዳንዱ ገጽ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ፍላጎት የራሱን ገጽ መስጠት ይሻላል፤ ለሠርግ ቀሚስ አንድ፣ ለልጆች ሌላ፣ ለወንዶች ልብስ ሌላ። አማርኛውና እንግሊዝኛውም ተለያይተው በየራሳቸው ገጽ ቢሆኑና እርስ በርስ በሊንክ ቢገናኙ ይመረጣል። የሠርጉ ገጽ ላይ ጨርቁ በእጅ የተሸመነ መሆኑ፣ ጥልፉ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ልክ እንዴት እንደሚላክ በግልጽ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ከዚያ የገጹ ርዕስ ይስተካከላል። ሠሪው `Home` ብሎ የተወውን በዚህ መተካት ይቻላል፦

```
<title>Habesha Wedding Dress, Handwoven in Addis Ababa</title>
```

ይህች መስመር በፍለጋው ውጤት ላይ ጎልታ የምትታየዋና የሚጫነው ርዕስ ናት፤ ጉግል አንዳንዴ በራሱ ቢለውጣትም አብዛኛውን ጊዜ መነሻው እሷ ናት። በኮዱ ውስጥ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር የሚሞላበት `meta keywords` የሚባል ቦታ አለ፤ እሱን ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ አለመክፈል ነው። ጉግል ይህን ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 በይፋ ተናግሯል።

ጥሩ ገጽ ያላት ሱቅ አንድ ብቻ ብትሆን ነገሩ እዚህ ባለቀ ነበር። ብዙ ሱቆች ተመሳሳይ ነገር ሲጽፉ ጉግል የውጭ ምስክር ይፈልጋል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የነደፉት፣ ኩባንያው በ1998 ሲመሠረት ይዞት የተነሣው ሐሳብ ይህ ነበር፤ አንድ ገጽ ሌላውን በሊንክ ሲጠቁም እንደ ምስክርነት ይቆጠራል፤ የምስክሩ ክብደት ደግሞ ምስክሩ ራሱ ባለው ተሰሚነት ይለካል። እንደ ሽምግልና ነው፤ ማን እንደተናገረ እንጂ ስንት ሰው እንደጮኸ አይደለም ነገሩን የሚቋጨው። ዛሬ ጉግል ሌሎች ብዙ ምልክቶችን ቢጨምርም ባክሊንክ ዋጋውን አላጣም።

ታዲያ የሽሮ ሜዳ ሱቅ ምስክር ከየት ታገኛለች? ሥራዋ ራሱ የሚወስዳት ቦታ አለ። ቀሚሷን የለበሰችውን ሙሽራ ያነሣው ፎቶ አንሺ ድረ ገጽ ካለው፣ በሠርጉ ገጽ ላይ «ቀሚሱ የተሠራው እዚህ ነው» ብሎ በሊንክ እንዲጠቁም መጠየቅ ትችላለች። ጨርቅ የሚያቀርቡላት የሸማኔዎች ማኅበር፣ ስለ ሽመና የሚጽፍ መጽሔት፣ የባህል ዝግጅት ያዘጋጀ የዳያስፖራ ማኅበረሰብ ማእከልም አሉ። የሊንኩ ጽሑፍ «እዚህ ይጫኑ» ከሚል ይልቅ ስለ ቀሚሱ የሚናገር ቢሆን ጉግል ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ይረዳበታል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የሚለጠፈው ሊንክ ገዢ ያመጣል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ሊንኮች ግን ባብዛኛው ለደረጃ እንዳይቆጠሩ ምልክት የተደረገባቸው ስለሆኑ የምስክርን ቦታ አይተኩም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። «በጥቂት ዶላር አንድ ሺህ ባክሊንክ» የሚል ማስታወቂያ ገንዘብ መጣያ ነው። ደረጃ ለማግኘት ሊንክ መግዛት የጉግልን ደንብ ይጥሳል፤ በ2012 ፔንግዊን የተባለው ለውጥ ሲመጣ በዚህ መንገድ የወጡ ብዙ ድረ ገጾች ከፊተኛው ገጽ ወርደዋል። ዛሬ አብዛኛው የተገዛ ሊንክ ዝም ተብሎ ይታለፋል፤ ከባሰ ሰርች ኮንሶል ውስጥ `Manual actions` በሚለው ክፍል የቅጣት ማስታወቂያ ይመጣል። አንደኛ ደረጃ አስይዛለሁ ብሎ ቃል የሚገባም አይታመን፤ ያንን ቦታ ሊሸጥ የሚችል ማንም የለም።

ለውጡ የሚታየው በወራት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። በዚህ መሐል ባለቤቷ መከታተል ያለባት ሰርች ኮንሶል የሚያሳያትን ሠንጠረዥ ነው፤ ሰዎች ምን ጽፈው ገጿ እንደታየ፣ ስንቶቹ እንደተጫኑት፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደነበረች ይነግራታል። `habesha wedding dress` ላይ ስድስተኛ ሆና ብዙ ሰው አይቷት ጥቂት ብቻ ከተጫኑ፣ ርዕሱ አልሳበም ማለት ነው፤ እሱን ታሻሽላለች። አርባኛ ላይ ከሆነች ርዕስ መቀየር ብዙ አይረዳትም፤ ገጹ ራሱ ቀጭን ነው ወይም ምስክር ጎድሎታል። በዝርዝሩ ውስጥ ስለ ቀሚስ ማድረሻ ጊዜ የሚጠይቅ፣ እሷ ያላሰበችው ፍለጋ ካገኘች ደግሞ፣ አዲስ አበባ የተሰፋ ቀሚስ ሜሪላንድ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ማጓጓዣው ስንት እንደሚያስከፍል የሚያስረዳ አዲስ ገጽ በዚያው ሳምንት ትጽፋለች።