«በሙሉ ድምፅ» የማይሰማበት ቅጂ

የአንድ የቤቶች ማኅበር ሊቀ መንበር የጠቅላላ ጉባኤውን የሦስት ሰዓት ተኩል ቅጂ በቴሌግራም ልኮ፣ ከሥሩ «የተለመደውን አድርጊና ሰኞ ይድረስ» ብሎ ጻፈ። የተለመደው የሚባለው ከፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚገኘው ናሙና ነው፦ «ጉባኤው በስፋት ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ።» መልእክቱ የደረሳት የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ደሟ ፈላ።

እሷ ቅጂ የምትሰማበት ሥርዓት አላት።

1. ማን ተገኘ? ማኅበሩ 120 አባላት አሉት። መተዳደሪያ ደንቡ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም ቢያንስ 61 ሰው ይጠይቃል። የጠዋቱ ፊርማ 68 ነው፤ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

2. ለውሳኔ የቀረበው ምንድን ነው? የ40 ደቂቃ ጭቅጭቅ በሦስት መስመር ያልቃል። «በላችሁን!» የሚለው ጩኸት «በሂሳብ አያያዝ ላይ ቅሬታ ቀረበ» ይሆናል። የውሳኔ ሐሳቡ ግን ቃል በቃል ይሰፍራል። ችግሩ፣ ወርሃዊ መዋጮው ከ200 ወደ 400 ብር ይደግ ተብሎ ከቀረበ በኋላ አንድ አዛውንት «300 ይብቃ» አሉ፤ ሊቀ መንበሩም «እንግዲህ በተባለው መሠረት» ብሎ እጅ አስወጣ። በየትኛው? ሦስት ጊዜ ወደኋላ መልሳ ሰማች። ከግራ መጋባት ያወጣት ገንዘብ ያዡ ነው፤ ከቆጠራው በኋላ «ሦስት መቶዋ ከሐምሌ ትጀምር» ሲል ይሰማል።

3. ድምፁ። ቅጂ የወጣ እጅ አያይም! ይህን ለስንት ሊቀ መንበር ነገረች። ቆጣሪው ቁጥሩን ወደ ማይክሮፎኑ ቀርቦ ካልተናገረ፣ ጸሐፊ የምትሰማው የወንበር መንኳኳትና ጭብጨባ ብቻ ነው። ጭብጨባ ደግሞ ስንት ሰው እንደተቃወመ አይናገርም። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገም ሰው «ያው ደግፏል» እየተባለ ይደመራል፤ እሱ ግን አልደገፈም፣ አልተቃወመም፣ ራሱን ችሎ ይመዘገባል።

እንደ ዕድል ሆኖ በዚህኛው ቅጂ ቆጣሪው ከሩቅም ቢሆን ይሰማል፦ 34 ድጋፍ፣ 15 ተቃውሞ፣ 4 ድምፀ ተዓቅቦ። ሙሉ ድምፅ የት አለ? ደምራ ስታየው ደግሞ 53 ነው። ከምሳ በኋላ 15 ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል ወይም እጁን አላወጣም፤ ማንም እንደገና አልቆጠረም። 15ቱም ሄደው ከሆነ አዳራሹ ውስጥ 61 ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ሰነድ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ይህን ይይዘው ይሆን? እሷ እስካየችው ድረስ መስኮቱ ላይ የሚፈተሸው ማህተሙና በየገጹ ያለው ፊርማ ነው። አንዴ ቁጥር የሰፈረበትን ቃለ ጉባኤ «እንደ ሌሎቹ በሙሉ ድምፅ ብላችሁ አምጡ» ብለው መልሰውባታል። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ማን አስተማረው ታዲያ?

ሰኞ ጠዋት የላከችው እንዲህ ይነበባል፦ «ወርሃዊ መዋጮ ከሐምሌ 1 ጀምሮ 300 ብር እንዲሆን የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ 34 ድጋፍ፣ 15 ተቃውሞና 4 ድምፀ ተዓቅቦ አግኝቷል። በድምፅ አሰጣጡ ወቅት የተገኙ አባላት ቁጥር አልተረጋገጠም።» «ጸደቀ» የሚለውን ቃል አላስገባችም። ሊቀ መንበሩ መልእክቱን አይቶታል፤ እስካሁን አልመለሰም።