ዘግይቶ የሚወርደው ተዳፋት፦ የደቡብ ጎንደር ደጋና የነሐሴ ውሃ

በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች አንድ ተዳፋት ሲንሸራተት ተወቃሹ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ቢሆንም፣ ተዳፋቱን ለውድቀት ያዘጋጀው ከሰኔ ጀምሮ በአፈሩ ውስጥ ሲጠራቀም የከረመው ውሃ ነው። ጥልቀት ያላቸው መንሸራተቶች ከክረምቱ መግቢያ ይልቅ በሐምሌ ማብቂያ፣ በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ የሚበዙትም ለዚህ ነው። በሰሜን ሸዋ በደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ በተባለው አካባቢ የደረሰውና በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ያፈናቀለው ታላቅ መንሸራተት የወረደው በመስከረም 1998 ዓ.ም.፣ ማለትም ገበሬው ክረምቱ አለፈ ብሎ በሚያስብበት ወቅት ነበር።

የደብረ ታቦርን አካባቢ ለዚህ አደጋ የሚያጋልጠው በመጀመሪያ ደረጃ የድንጋዩ አደራረብ ነው። ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ ከ10 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ የተገነባ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ያረፈበት ሰፊ የባዛልት ጠፍጣፋ ደግሞ 30 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ዕድሜ አለው። ቅልጡ ድንጋይ ፈስሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላው እስኪደርብበት ድረስ ረጅም ጊዜ ስላለፈ፣ በንብርብሮቹ መካከል አፈርና የእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብሮ ቀርቶ በጊዜ ብዛት ወደ ሸክላ ተለውጧል። ውሃ በተሰነጣጠቀው ባዛልት በቀላሉ ሰርጎ ሸክላው ላይ ሲደርስ ወደ ታች ማለፍ ስለማይችል፣ ወደ ጎን ተጉዞ በገደሉ ወገብ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የደጋው መንደሮች ብዙውን ጊዜ የሚመሠረቱት ምንጭ ባለበት እርከን ላይ በመሆኑ፣ ሰውን ወደዚያ የሳበው ውሃ ቦታውን የሚያደክመውም ነው። በስማዳ ወረዳ የተካሄደና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የሥነ ምድር ጥናት በዚያ አካባቢ ብቻ ከ500 በላይ የመንሸራተት ቦታዎችን መዝግቦ ነበር።

ውሃው አፈሩን የሚያዳክምበትን መንገድ ለመረዳት አንድ ተራ ተዳፋት ማስላት ይበቃል። ሦስት ሜትር ውፍረት ያለው ልቅ አፈርና ድንጋይ በ25 ዲግሪ ተዳፋት ላይ በጠንካራ ወለል ላይ ተቀምጧል እንበል። አፈሩን በቦታው የሚይዘው የቅንጣቶቹ ሰበቃ ነው፤ ሰበቃው የሚመነጨውም ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ከሚጫኑበት ክብደት ነው። አፈሩ ደረቅ ሳለ የመያዣው ኃይል ከሚጎትተው ኃይል አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ሊበልጥ ይችላል። በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ግን ቅንጣቶቹን ወደ ላይ እየገፋ ጫናቸውን ይቀንሳል፤ ይህም የቀዳዳ ውሃ ግፊት ይባላል። ውሃው ከወለሉ ተነሥቶ የአፈሩን ውፍረት ግማሽ ሲደርስ የመያዣው ብልጫ ወደ አንድ ነጥብ አንድ ዝቅ ይላል፤ የውሃው ወለል ከመሬቱ ገጽ አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪቀርበው ከፍ ካለ ደግሞ ሁለቱ ኃይሎች እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የሚወርድ መካከለኛ ዝናብ እንኳ ተዳፋቱን ለማንቀሳቀስ በቂ ነው። ስሌቱ የሥሮችንና የሸክላን ማያያዣ ኃይል ያልቆጠረ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ቦታ ቁርጥ ያለ ቁጥር አይሰጥም፤ ነገር ግን ተራ ዝናብ ከባድ ጉዳት የሚያደርስበትን ምክንያት በግልጽ ያሳያል።

ለተዳፋቱ መዳከም የሰው እጅም ድርሻ አለው። ለመንገድ ወይም ለቤት ሲባል የተዳፋቱ ግርጌ ሲቆረጥ ከላይ ያለውን አፈር ደግፎ የሚይዘው ክፍል ይነሣል፤ ወንዝ በግርጌው ሲሸረሽርም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። በጉማራ ተፋሰስ ገበሬዎች ትርፉን የዝናብ ውሃ ከማሳ ለማስወገድ የሚቀዱት ፈሰስ የተባለ ቦይ ውሃውን ወደ አንድ ነጥብ ሰብስቦ ስንጥቅ ባለበት ተዳፋት ላይ ከለቀቀው አደጋውን ያፋጥናል። ውሃን አግዶ ወደ መሬት ለማስረግ የሚሠሩ ጉድጓዶችና እርከኖች ደግሞ በአፈር መሸርሸር ለተጎዳ መሬት መልካም ሥራ ቢሆኑም፣ ጥንት ተንሸራቶ በረጋ ተዳፋት ላይ መሠራት የለባቸውም፤ ይህ ልዩነት በየዓመቱ የተፋሰስ ሥራ ሲታቀድ ከሚያገኘው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል።

ተዳፋት ሊንሸራተት መሆኑን ከሚያሳዩት ምልክቶች ሁሉ ቀዳሚው በተዳፋቱ አናት ላይ እንደ ማጭድ ጎብጦ የሚታይ ስንጥቅ ነው። በበጋ የሸክላ አፈር የሚያበጀው መሰነጣጠቅ በየአቅጣጫው የተበታተነ ሲሆን ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል፤ የመንሸራተት ስንጥቅ ግን ተዳፋቱን አቋርጦ ይሄዳል፣ ዝናብ በጨመረ ቁጥር ይሰፋል፣ የታችኛው ጠርዙም ከላይኛው ዝቅ ይላል። በዚሁ ጊዜ ግርጌው ሊያብጥ፣ ባሕር ዛፎችና አጥሮች ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብሉ፣ የቤት በርም ያለ ምክንያት መግጠም ሊያቅተው ይችላል። ምንጩም ይናገራል፤ ንጹሕ የነበረው ሲደፈርስ፣ ከቆየበት ቦታ ሲጠፋና ከበታቹ ደረቅ በነበረ ቦታ ሲፈልቅ፣ ውሃው መንገዱን መለወጡን ያመለክታል።

ስንጥቁን መለካት ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። በግራና ቀኙ ሁለት ካስማ በጥልቀት ተተክሎ በመካከላቸው ያለው ርቀት በገመድ ላይ በቋጠሮ ምልክት ከተደረገ፣ ንባቡን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መውሰድ ይቻላል። ከስንጥቁ ስፋት ይልቅ የሚያሳስበው የፍጥነቱ መጨመር ነው፤ በመጀመሪያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ለመክፈት ሳምንት የፈጀበት፣ ቀጥሎ ለዚያው መጠን ሦስት ቀን፣ ከዚያም አንድ ቀን ከበቃው፣ ዕድገቱ እየተፋጠነ ወደ ውድቀት እያመራ ነው። የጃፓን ባለሙያዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የውድቀትን ጊዜ ለመገመት ያወጡት ዘዴም በዚሁ የፍጥነት ለውጥ ላይ የተመሠረተ ነው። ስንጥቁ ገና ቀርፋፋ ሳለ በጭቃ ሸክላ መድፈንና ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ አዙሮ ወደ ጽኑ ድንጋያማ ሸለቆ መልቀቅ የውሃውን መግቢያ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ከጨመረ በኋላ ግን የሚቀረው ሰውንና ከብትን ማውጣት ብቻ ነው።

ይህ ክትትል የማይደርስበት ዓይነት አደጋ አለ። ጥልቀቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር የማይበልጥ ቀጭን አፈር ረጥቦ በቆየበት ወቅት፣ ለጥቂት ሰዓታት በሚወርድ ከባድ ዝናብ ድንገት ተነሥቶ ጭቃና ድንጋይ ሆኖ በፈፋ ውስጥ ይወርዳል፤ ስንጥቁም ቀድሞ ላይታይ ይችላል። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ዋነኛው ምልክት ፈፋው ራሱ ነው፤ ዝናቡ እየዘነበ ጎርፉ በድንገት ከቀነሰ ከላይ አንድ ነገር ገድቦታል ማለት ሲሆን፣ ግድቡ ሲበጠስ የሚመጣው ጭቃ ፈፋውን ይዘው የሚሸሹትን ሊደርስባቸው ስለሚችል መሸሻው ወደ ጎን፣ ወደ ሸንተረሩ ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበት አደጋም ሌላ ነገር አሳይቷል፦ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሳለ በሁለተኛው የተዋጡ ነበሩ። የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ከላይ የቀረውን አፈር ያለ ድጋፍ ስለሚተወው፣ ዝናቡ ቢያባራም ውሃው ከአፈሩ ገና ስላልወጣ ተዳፋቱ ለሰዓታትና ለቀናት ያልረጋ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በቁርጡ አናት ላይ ያለውን መሬት ብቻ ከጎን በኩል ሆኖ የሚመለከትና ሲንቀሳቀስ የሚጮኽ ሰው መመደብ፣ ቆፋሪዎቹም በቁጥር ጥቂት ሆነው እየተፈራረቁ መሥራት ይገባቸዋል።