ፎቶው የማይናገረውን መናገር

ስሙኝማ፣ አንድ ነገር ገብቶኝ ሳልነግራችሁ ማደር አልቻልኩም። ምግብ ቤቶች አዲስ ምግብ ሲጀምሩ ፎቶ ያነሱና ከስሩ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋሉ አይደል? አንዳንዱን ዝም ብለን እናልፈዋለን፤ አንዳንዱ ደግሞ ቁጭ ባልንበት ምራቅ ያስውጠናል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ አሁን ገባኝ! ደግሞ ቀላል ነው፤ ደረጃ በደረጃ አብረን እንየው።

ምሳሌያችን የጾም ምግብ ይሁን። አንድ ወዳጃችን ትንሽ ምግብ ቤት አለው፤ ሰሞኑን የእንጉዳይ ጥብስ በሸክላ ጀምሯል። ፎቶው ጥሩ ነው። ከስሩ ሊለጥፈው ያሰበው ጽሑፍ ግን እንዲህ ይላል፦ «አዲስ! ጣት የሚያስቆረጥም፣ ወደር የሌለው፣ በከተማው ምርጥ የሆነ የእንጉዳይ ጥብስ! መጥተው ይቅመሱ!»

እስቲ «የእንጉዳይ ጥብስ» የሚለውን አውጡና «ፒዛ» አስገቡበት። ይሄዳል! «ዱለት» አስገቡ። አሁንም ይሄዳል! «የፍራፍሬ ጭማቂ» ብትሉ እንኳ «ጣት የሚያስቆረጥም» ከሚለው በቀር ምንም አይጎረብጥም። አያችሁ? ጽሑፉ ስለ የትኛውም ምግብ ስለሚሆን ስለዚህኛው ምግብ አንድም ነገር አልነገረንም ማለት ነው።

ይሄ የኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዳን ጁራፍስኪ የሚባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ምሁር 6,500 የአሜሪካ ምግብ ቤት ሜኑዎችን መርምሮ ውጤቱን በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። «ጣፋጭ»፣ «ግሩም» እና የመሳሰሉት ባዶ ሙገሳዎች የሚበዙት ርካሽ ምግብ ቤቶች ላይ ሆኖ አገኘው! ውድ የሆኑት ግን አይሏቸውም። ምግቡ እንደሚጥም ሁሉም የሚጠብቀው ነገር ስለሆነ መናገር አያስፈልጋቸውም። ደጋግሞ «ይጣፍጣል» የሚል ቤት ግን ሰው እንዳያምነው የሰጋ ይመስላል።

ታዲያ ሙገሳው ከወጣ ምን ይግባ? ፎቶውን እንየው። ፎቶ ማለት የምግብ ቤት የመስኮት መስታወት ነው። ከውጭ ቆማችሁ ሁሉን ታያላችሁ፤ ጥቁሩን ሸክላ፣ ቡናማውን እንጉዳይ፣ አረንጓዴውን ቃሪያ። ግን ድምፅ አይሰማችሁም፣ መዓዛ አይደርሳችሁም፣ ሙቀቱ ፊታችሁን አይነካም። ስለዚህ ጽሑፉ «አረንጓዴ ቃሪያ ያለበት» ካለን አይናችን የያዘውን መልሶ ሰጠን፤ ሥራው መስታወቱን ትንሽ ከፈት ማድረግ ነው። ለዓይን ፎቶው ይበቃል። ለጆሮ፣ ለአፍንጫ፣ ለጥርስና ለምላስ የሚናገረው ጽሑፉ ነው!

ደግሞ ቃል ብቻውን ይህን ማድረግ መቻሉ አይገርምም? በ2006 እ.ኤ.አ. የስፔን ተመራማሪዎች ሰዎችን የአንጎል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ቃላት እንዲያነቡ አደረጉ። እንደ «ቀረፋ» ያሉ ጠንካራ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ስም ሲያነቡ ሽታን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ሠራ። ክፍሉ ውስጥ ቀረፋ የለም፤ ያለው ፊደል ብቻ ነው! «ምርጥ» የሚለው ቃል ግን የምን ሽታ አለው? የምንም። «የጥብስ ቅጠል» ስትሉ ግን ወዲያው አፍንጫችሁ ስር መጣ።

ቀጣዩ ጥያቄ እነዚህ ቃላት ከየት ይመጣሉ የሚለው ነው። ከጭንቅላታችን ከፈለግናቸው ማጋነን እንጀምራለን። የሚገኙት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እኔም ገብቼ ሼፏን ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ እንጉዳዩ ጠርዙ ላይ ለምን ጠቆር አለ?»

«መጥበሻውን ስላላጨናነቅኩት ነዋ!» አለችኝ። «አንዴ ብትከምረው ውሃውን ይለቅና ይቀቀላል። ትንሽ ትንሽ እያልክ በጋለ መጥበሻ ስታገላብጠው ነው የሚጠበሰው።»

ነገሩን ሳስበው በጣም ደነቀኝ። ጥሬ እንጉዳይ ዘጠና በመቶ ገደማው ውሃ ነው። መጥበሻው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ደግሞ ሙቀቱ ከመፍላት አያልፍም። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ምግብ በደንብ ቡናማ እንዲሆንና ያንን የጥብስ መዓዛ እንዲያወጣ ግን 140 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ውሃው በቶሎ ካልተነነ እንጉዳዩ ገርጥቶ ይቀራል። ጠርዙ ላይ ያለው ጥቁረት የሼፏ ትዕግሥት ምልክት ነው ማለት ነው!

ነገሩ ቁልጭ ያለልኝ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ የስሜት ቃል ከኋላው «ለምን?» ሲባል የሚመልስ ሥራ ሊኖረው ይገባል። «ጠርዙ ጠቆር ያለ»፤ ለምን? በትንሽ በትንሹ ስለተጠበሰ። «ሽንኩርቱ ቆርጠም የሚል»፤ ለምን? መጨረሻ ላይ ስለሚገባ። «ቸስ የሚል»፤ ለምን? ሸክላው ቀድሞ ፍም ላይ ስለቆየና ሲቀርብም ከስሩ ፍም ስላለው። «ወደር የሌለው»፤ ለምን? ... ዝም! መልስ የሌለው ቃል ይወጣል። ማጋነንን ለመለየት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላየሁም።

መልስ ያላቸው ቃላትም ልክ አላቸው። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያግዘናል። «ኮምጠጥ ያለ»፣ «ሞቅ ያለ»፣ «ጠቆር ያለ»፣ «ፈጀት የሚያደርግ» ስንል ጣዕሙም አለ፣ መጠኑም አለ፤ እስከምን ድረስ እንደሆነ አብሮ ይነግራል። ቃሪያው መካከለኛ ከሆነ «ፈጀት ያደርጋል» እውነት ነው፤ «እሳት ነው» ካላችሁ ግን ሚጥሚጣ የለመደው ደንበኛ ያዝናል፣ ልጆች ያሉት ደግሞ ሳይመጣ ይቀራል።

በተለይ ለዚህ ምግብ ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «ስጋን የሚያስንቅ» ማለት ነው። አንባቢው የስጋን ጣዕም ጠብቆ ይመጣል፤ ጥሩው እንጉዳይ ከስጋ ጋር ተወዳድሮ ይሸነፋል። እንጉዳይን እንደ እንጉዳይ ብናወራው ግን የሚወዳደረው ነገር የለም። ሁለተኛው «ቅቤ የመሰለ» የሚለው ነው። ልስላሴውን ለመግለጽ ነው የታሰበው፤ ጾመኛው ግን «ቅቤ» የሚለውን ቃል ሲያይ ይደነግጣል። «ለስለስ ያለ» ይበቃል። ሦስተኛው ረቂቅ ነው፦ «ቸስ እያለ ይደርስዎታል»። ገበታ ላይ እውነት ነው፤ ቤታቸው ድረስ ለሚያዝዙ ግን በፕላስቲክ ዕቃ የሚሄድ ጥብስ ቸስ አይልም! ስለዚህ «ገበታዎ ላይ» የሚለው መጨመር አለበት። ሁለት ቃል ብቻ፣ ግን ጽሑፉን እውነት ያደርገዋል።

አሁን እንጻፍ። ቃላቱን በምን ቅደም ተከተል እናስቀምጥ? ይሄ ሲገባኝ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ! ምግቡ ወደ ደንበኛው በሚመጣበት ቅደም ተከተል ነዋ! አስተናጋጁ ገና ከወጥ ቤት ሲወጣ ድምፁ ይሰማል። ጠጋ ሲል መዓዛው ይመጣል። ከዚያ ጉርሻው ጥርስ ላይ ይደርሳል። በመጨረሻ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ቃሪያ። ጽሑፉ ይህን መንገድ ከተከተለ አንባቢው ምግቡ ሲቀርብለት የሚያገኘውን ሁሉ በተራው ያገኛል።

አንድ ነገር ብቻ አስቡ፦ ኢንስታግራም እስከ 2,200 ፊደል ቢፈቅድም ረዘም ያለውን ያጥፈዋል፤ ሳይነካ የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ የምግቡ ስም፣ የጾም መሆኑና ድምፁ መጀመሪያው መስመር ላይ ይግቡ። እንዲህ ሆነ፦

«የጾም እንጉዳይ ጥብስ፣ ገበታዎ ላይ ቸስ እያለ በሸክላ። የጥብስ ቅጠሉ መዓዛ ቀድሞ ይደርስዎታል። እንጉዳዩ በትንሽ በትንሹ ስለሚጠበስ ጠርዙ ጠቆር፣ ውስጡ ለስለስ ያለ ነው፤ ሽንኩርቱ ገና ቆርጠም ይላል። ቃሪያው መጨረሻ ላይ ፈጀት ያደርጋል፤ ያለ ቃሪያም እንሠራለን።»

እስቲ እንደ ቅድሙ «ፒዛ» አስገቡበት። አይሄድም! «ዱለት»? አይሄድም! ጽሑፉ የዚህ ምግብ ብቻ ሆነ። «ምርጥ» የሚል ቃል የለበትም፣ ቃለ አጋኖም የለበትም፣ ግን እናንተም አሁን እየራባችሁ ይመስለኛል።

የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ከዚህ ይረዝም ነበር፤ የነጭ ሽንኩርቱ፣ የዘይቱ፣ የአዋዜው ሁሉ ተጽፎ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሲደረደር ግን አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። አንድ ድምፅ፣ አንድ መዓዛ፣ ሁለት የጥርስ ነገር፣ አንድ የሚፈጅ ነገር ይበቃል። የተረፈውን ሲመጡ ያገኙታል።

ከመለጠፉ በፊት አንድ ፍተሻ አለ። ጽሑፉን ፎቶውን ላላየ፣ ምግቡን ግን ለቀመሰ ሰው አንብቡለት፤ አስተናጋጁ ሊሆን ይችላል። «ይሄ የእንጉዳዩ ነው» ብሎ ወዲያው ከለየው ጽሑፉ ሠርቷል። «ቆርጠም? እኔ የቀመስኩት ሽንኩርት ልሞ ነበር» ካለ ደግሞ ወይ ቃሉ ይስተካከል፣ ወይ ሽንኩርቱ ዘግይቶ ይግባ።

ወዳጃችንን ከሁሉ በላይ ያሳሰበው ግን ሌላ ነገር ነው። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ሃያ ትዕዛዝ አንዴ ሲመጣ ሼፏ እንጉዳዩን መከመሯ አይቀርም፤ ያኔ ውሃ ይለቃል፣ ጠርዙም አይጠቁርም። ፎቶው ያው ነው፣ ጽሑፉም ያው ነው፣ ሸክላው ላይ ያለው ግን ሌላ ምግብ ነው። አንድ ቃል ሳይጨመርበት ጽሑፉ የተጋነነ ሆነ! ስለዚህ ወዳጃችን ጽሑፉን ለጠፈና ለቅዳሜ ሁለተኛ መጥበሻ ገዛ።