«የደመወዝ ፍላጎትሽ ስንት ነው?»

በአዲስ አበባ ከሚወጡት የሥራ ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ ደመወዙን «በስምምነት» ብለው ያልፉታል። ስምምነት ይባል እንጂ ቀድሞ ቁጥር እንዲጠራ የሚጠበቀው ሥራ ፈላጊው ነው፤ አንዳንዴም ገና በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ።

አምስት ዓመት የሠራች አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በየወሩ 20 ሺህ ብር እጇ ይገባል እንበል። ወደ 25 ሺህ ከፍ ማለት ትፈልጋለችና ስትጠየቅ «25 ሺህ» ትላለች። ቀጣሪው ግን የሚመዘግበው ያልተጣራውን ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት፣ ከ14 ሺህ ብር በላይ በሆነ ደመወዝ ላይ ግብሩ 35 በመቶው ተሰልቶ 2,050 ብር ይቀነስለታል። ከ25 ሺህ ላይ 6,700 ብር ለግብር፣ 7 በመቶው ማለትም 1,750 ብር ለጡረታ ይነሳና 16,550 ብር ይቀራታል። ጭማሪ ብላ የጠራችው ቁጥር ከአሁኑ ገቢዋ 3,450 ብር ያጎድልባታል ማለት ነው። በእርግጥ 25 ሺህ እጇ እንዲገባ ከፈለገች መጥራት የነበረባት 39,600 ብር ገደማ ነው።

ይህ ቁጥር ግን የእሷ ፍላጎት እንጂ የገበያው ዋጋ አይደለም። ገበያውን ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው በቅርቡ ሥራ የቀየረ የሙያ ባልደረባን መጠየቅ ነው፤ አንድ ቦታ አሥር ዓመት የቆየ ሰው ደመወዝ ከገበያው ኋላ የቀረ ሊሆን ይችላል። «አንተ ስንት ይከፈልሃል?» ማለት ሰውን ያስጨንቃል። «አስመጪ ድርጅት ውስጥ ለሲኒየር አካውንታንት ያልተጣራው ከስንት እስከ ስንት ነው?» ቢባል ግን ብዙው ሰው ሳይሳቀቅ ይመልሳል። የውጭ ድርጅቶችን ክፍያ ለብቻው መያዝ ይገባል፤ ከአስመጪው ጋር ከተቀላቀለ ግምቱን ያዛባል።

ያነጋገረቻቸው ሰዎች መልስ በአብዛኛው ከ36 እስከ 44 ሺህ ውስጥ ቢወድቅ፣ ቀጣሪው ሲጠይቃት በቅድሚያ «ለቦታው የተያዘው በጀት ምን ያህል ነው?» ብላ ትሞክር። ካልነገሯት «ያልተጣራ ከ40 እስከ 44 ሺህ፤ እንደ ኃላፊነቱና እንደ አበሉ የምንነጋገርበት ይሆናል» ትበል። ከ36 አትጀምርም፤ ሰሚው የሚይዘው ታችኛውን ቁጥር ነውና፣ ታችኛው ቢሰጣት ቅር የማይላት መሆን አለበት።

የከበደው ጥያቄ «አሁን ስንት ይከፈልሻል?» የሚለው ነው። ቁጥሩን ማጋነን አያዋጣም፤ አንዳንድ ቀጣሪ የደመወዝ ማስረጃ ይጠይቃል። እኔ ብሆን «የማመለክተው ለዚህ ቦታ ስለሆነ በዚህ ቦታ ክፍያ ብንነጋገር እመርጣለሁ» እላለሁ። አጥብቀው ከጠየቁ እውነተኛውን፣ ያውም ያልተጣራውን፣ የትራንስፖርትና የቤት አበል ካለም ለየብቻው መንገር ነው።