እስከ 10፡15 ካልደወልኩ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 1986 በለንደን ፉልሃም ሰፈር በቤት ሽያጭ ወኪልነት የምትሠራው የ25 ዓመቷ ሱዚ ላምፕሉ በቢሮ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ቀጠሮ መዝግባ ወጣች። ሰዓቱ ከቀኑ 6፡45፣ ደንበኛው «ሚስተር ኪፐር»፣ ቦታው ሾሮልድስ ጎዳና ቁጥር 37 ነው ይላል ጽሑፉ። የእጅ ቦርሳዋን ቢሮ ትታ የገንዘብ ቦርሳዋንና የቤቱን ቁልፍ ብቻ ነበር የያዘችው። አወጣጧ ቶሎ የሚመለስ ሰው አወጣጥ ነበር። መኪናዋ በዚያው ምሽት ሌላ መንገድ ላይ ቆሞ ተገኘ። እሷ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ኪፐር ማን እንደነበረም በፍርድ ቤት አልተረጋገጠም።

ማስታወሻዋ ምንም አልጎደለውም ማለት ይቻላል፤ ስም አለው፣ ሰዓት አለው፣ አድራሻ አለው። ሆኖም ለፖሊስ የተደወለው አመሻሽ ላይ ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ የት እንደሄደች ያውቁ ነበር። ያላወቁት ከስንት ሰዓት ጀምሮ መደንገጥ እንዳለባቸው ነው። ወላጆቿ በዚያው ዓመት በስሟ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ፤ ድርጅቱም ብቻቸውን ለሚሠሩ ሰዎች ደህንነት ሲሠራ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

ሱዚ ቢያንስ ቢሮ ነበራት። አዲስ አበባ ውስጥ ቀን መሥሪያ ቤት ውሎ ማታ ልጅ የሚያስጠና፣ ቅዳሜ ካሜራውን አንግቶ ለልደት የሚሄድ፣ እሁድ ዲሽ የሚያስተካክል ወይም የሰው ቤት መብራት የሚጠግን ሰው አለቃም የቀጠሮ መዝገብም የለውም። ደንበኛው በቴሌግራም ወይም በሰው በሰው ይመጣል። «ነገ 7 ሰዓት ይመቻችኋል?» ይላል፤ ሥራው ደግሞ ስለሚፈለግ መልሱ «ይመቸኛል» ነው። ሠራተኛው የት እንደገባ የሚያውቀው ራሱና ያ ደንበኛ ብቻ ይሆናሉ።

ይህን ክፍተት የሚሞላው በውድ የሚገዛ መሣሪያ ሳይሆን ቤት ተቀምጦ ሰዓት የሚያይ አንድ ሰው ነው። እህት፣ ጓደኛ ወይም የትዳር ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች «ለእህቴ ነግሬያት ነው የምወጣው» ይላሉ። ሲጠየቁ ግን የነገሯት «ሰሚት ሥራ አለኝ» የሚል ብቻ ሆኖ ይገኛል። በዚህ መረጃ እህት ልትጨነቅ ትችል ይሆናል እንጂ ልታደርግ የምትችለው ነገር የለም።

ቅዳሜና እሁድ ሜካፕ የምትሠራ አንዲት ወጣትን በምሳሌነት እንውሰድ። ከማታውቃት ሴት ተደወለላት፤ ለእህቷ ሽምግልና ሦስት ሰው እንድታሳምር ነው የተፈለገችው። ከመውጣቷ በፊት ለእህቷ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦ «ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ የብሎኩና የቤቱ ቁጥር ይኸው። የደንበኛዋ ስምና ስልክም ይኸው። 7 ሰዓት እገባለሁ፣ 10 ሰዓት እወጣለሁ። እስከ 10፡15 ካልደወልኩ አንቺ ደውይልኝ። ካላነሳሁ ለደንበኛዋ ደውይላት። 10፡30 ከሆነ አትጠብቂ፤ 991 ደውለሽ ይህንኑ አንብቢላቸው፣ ወንድማችንንም ላኪው።»

በዚህ መልእክት ውስጥ ዋናው ነገር ያለው ከመሃል ጀምሮ ነው። ሁለት ሰዓቶች አሉ፣ ለእያንዳንዳቸውም የሚደረገው ነገር አስቀድሞ ተወስኗል። እህት 10፡30 ላይ ስልክ ይዛ «ምናልባት ሥራው ረዝሞባት ይሆናል፤ በከንቱ ፖሊስ ጠርቼ ባሳፍራትስ?» እያለች ከራሷ ጋር መሟገት የለባትም። ውሳኔው ጠዋት ማንም ሳይደነግጥ ተወስዷል። ሥራው በእርግጥም ከረዘመ ደግሞ ሠራተኛዋ ሰዓቱ ሳይደርስ ደውላ አዲስ ሰዓት ትቆርጣለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ረስታ እህቷን ካስደነገጠቻት በአራተኛው እህት መደንገጧን ትተዋለች። ይህ ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በዚህ መንገድ ነው።

ቴሌግራም ያለበትን ቦታ በቀጥታ የሚያሳይ አገልግሎት አለው፤ ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት ማብራት ይቻላል። ለሦስት ሰዓት ሥራ የ8 ሰዓቱን መምረጥ ነው የሚበጀው። ነገር ግን ዳታ ሲቋረጥ ወይም ባትሪ ሲያልቅ ምልክቱ ባለበት ይቀራል። ካርታው የሕንፃውን ቦታ ቢጠቁምም ስንተኛ ፎቅና የትኛው በር እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ለጽሑፉ ረዳት ይሆናል እንጂ አይተካውም።

መልእክት ብቻውን ለምን እንደማይታመን በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት የደረሰ ነገር ያሳያል። በሴፕቴምበር 2014 ቤቨርሊ ካርተር የተባለች የቤት ሽያጭ ወኪል ከከተማ ወጣ ያለ ባዶ ቤት ለማሳየት ሄደች። አድራሻውን ለባሏ ነግራው ስለነበር ስትዘገይበት ወደዚያው ሄደ፤ መኪናዋን አገኘ፣ እሷን አላገኘም። ከዚያ ሌሊት ከስልኳ መልእክት መምጣት ጀመረ። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው ይላል አንዱ፤ እየጠጣሁ ነው ይላል ሌላው። ባል ይህ የሚስቱ አነጋገር እንዳልሆነ ወዲያው ገባው። ጽሑፉን የላከው ያገታት ሰው ነበር። አስከሬኗ የተገኘው ከቀናት በኋላ ነው፤ ገዳዩም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ስለዚህ የደህንነት ማረጋገጫው ድምፅ መሆን አለበት። ድምፅም ቢሆን ከጎን ሰው ቆሞ ሊያስገድድ ስለሚችል ሁለቱ እህቶች አስቀድመው አንድ ተራ ጥያቄ ይስማማሉ። «የእማዬን መድኃኒት ገዛሽ?» ብላ ትጠይቃለች ቤት ያለችው። «ትናንት ገዝቻለሁ» ከተባለ ሰላም ነው። «ኧረ ረሳሁት፣ አንቺ ግዢላት» ከተባለ 991 ይደወላል። ማንም ቢሰማው የቤተሰብ ወሬ ነው። ቃሉ አጭርና በየቀኑ ከአፍ የሚወጣ ዓይነት ቢሆን ይሻላል፤ የተራቀቀ ምስጢር በድንጋጤ ጊዜ አይታወስም።

የካርተር ጉዳይ ሌላም ነገር ያስተምራል። ቀጠሮውን ያመቻቹት ባልና ሚስት መስለው ነበር፤ በእርግጥም ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትየዋ በስልክ አነጋግራታለች። የሴት ድምፅ መስማት ያረጋጋል፤ እነሱም የተማመኑት በዚሁ ነበር። ስለዚህ «የደወለችው ሴት ናት» ማለት ማጣሪያ አይሆንም።

ለማጣሪያነት የሚሻለው ቀብድ ነው። አስቀድሞ በቴሌብር ጥቂት ብር እንዲላክ መጠየቅ ቀጠሮ አክባሪውን ከቀልደኛው ከመለየቱም በላይ ገንዘቡ ሲገባ የላኪው ስም በአጭር መልእክት አብሮ ይመጣል። በባንክ ከሆነም ሒሳቡ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ደንበኛዋ በስልክ የነገረችው ስምና ገንዘቡ የመጣበት ስም ካልገጠሙ «ክፍያው በሌላ ስም ገብቷል፣ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የባሏ ወይም የወንድሟ ስልክ ሊሆን ይችላል። ስሙ ግን ለእህት በተላከው መልእክት ላይ ይጨመራል። በሰው ስም የወጣ ሲም ካርድና የተሰረቀ ስልክ ስላሉ ይህም ፍጹም ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው ማጣሪያ ስለ ሥራው ራሱ ማውራት ነው። እውነተኛ ደንበኛ ስለ ሥራው ብዙ ያወራል። ሽማግሌዎቹ ስንት ሰዓት እንደሚመጡ፣ የልጅቷ ቀሚስ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ሶኬቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያቃጥል ሳይጠየቅ ይዘረዝራል፣ ዋጋም ይከራከራል። ዋጋ ሳይከራከር፣ ስለ ሥራው ሲጠየቅ «መጥተሽ ታይዋለሽ» እያለ፣ በምትኩ «ብቻሽን ነው የምትመጪው?» ወይም «ላፕቶፑንም ይዘኸው ና» የሚለው ላይ የሚያተኩር ሰው ግን ሊታሰብበት ይገባል።

በአዲስ አበባ አድራሻ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። «ጎሮ አደባባይ ስትደርሺ ደውይልኝ፣ መጥቼ እወስድሻለሁ» ማለት የተለመደና አብዛኛውን ጊዜ ቅን ንግግር ነው። ውጤቱ ግን ሠራተኛዋ የምትገባበትን ቤት እስክትገባበት ድረስ አለማወቋ ነው፤ ለእህቷ የላከችውም ጽሑፍ አደባባዩ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ሊወስዳት የመጣውን ሰው አስቁማ፣ እሱ እየሰማ ትደውላለች፦ «ተቀብለውኛል፣ ነጭ ቪትዝ ነው፣ ታርጋው ይኸውልሽ።» በሩ ላይም ሳትገባ፦ «ደርሻለሁ፣ ከፋርማሲው ጀርባ ያለው አረንጓዴ በር ነው።» ንግግሩ ለእህት መረጃ ሲሆን፣ የሚሰማው ሰው ደግሞ ሌላ የሚያውቅ እንዳለ ይረዳል። ቅን ደንበኛ በዚህ አይከፋም። ቦታው በመጨረሻ ሰዓት «ቤቱ እንግዳ ስለመጣበት ወደ ሌላ እንሂድ» በሚል ከተቀየረ ግን አዲሱ አድራሻ ለቤት ሳይነገር እግር መንቀሳቀስ የለበትም።

ከገቡ በኋላ ማየት የሚገባው በሩን ነው። ብዙ ቤት በር ከውስጥ ይቆለፋል፤ ይህ ራሱ አያስደነግጥም። ቁልፉ ቀዳዳው ላይ መቅረቱን ወይም ወደ ኪስ መግባቱን ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። ወደ ኪስ ከገባ «ዕቃ ረስቻለሁ፣ ታክሲው ጋ ላምጣ» ብሎ መውጣት ይቻላል፤ ረስተውት ከሆነ እየሳቁ ይከፍታሉ። የሥራውን ወንበር ወደ በሩ ማስጠጋትም ቀላል ነው፤ ለሜካፕ ሠሪ «ብርሃኑ እዚህ ይሻላል» ማለት ይበቃታል።

የሚከብደው ይሉኝታው ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ለስላሳ ተከፍቶ ሲቀርብ እምቢ ማለት ሰው መናቅ ይመስላል። ፊት ለፊት የተከፈተ ወይም ከሌሎቹ ጋር ከአንድ ጀበና የተቀዳ ነገር ከጓዳ ተቀድቶ ከሚመጣ ብርጭቆ ይለያል። «ስሠራ አልጠጣም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል» የሚል መልስ ደግሞ ማንንም አያስቀይምም።

ወንዶች ይህን ሲሰሙ የሴት ጉዳይ ነው ይሉ ይሆናል። በ2011 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በክሬግስሊስት ድረ ገጽ የእርሻ ጠባቂ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር፤ ደመወዙ በሳምንት 300 ዶላር። ሥራ አለ መባሉን አምነው ከሄዱት ወንዶች ሦስቱ ተገደሉ፤ አንዱ ክንዱን ተመቶ ጫካ ውስጥ ሮጦ ተረፈ። ገዳዮቹ የፈለጉት ብቸኛ ወንዶችን፣ ቢዘገዩ ቶሎ የሚፈልጋቸው የሌላቸውን ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ አንድ ስህተት ይደጋገማል። ሠራተኛዋ ብሩሾቿን እየሰበሰበች «ጨርሻለሁ» ብላ ትደውላለች፤ እህትም ሰዓት መቁጠሯን ታቆማለች። ሒሳብ የሚከፈለው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ጭቅጭቅ ቢነሳ፣ «ትንሽ ቆይ፣ ባለቤቴ ብሩን ይዞ እየመጣ ነው» ቢባል፣ በሩ ቢዘጋ፣ ቤት ያለችው ሰው ጉዳዩን ዘግታለች። የ10፡15ቱ ጥሪ የሚደረገው ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ፣ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።